የደበዘዙ ፊቶችን በጋራ ፎቶ ላይ ለማደስ፦ ኮድፎርመር ወይስ ጂኤፍፒጋን?

ወዳጆቼ የቆየ የቤተሰብ ፎቶ ባገኙ ቁጥር ከሁለቱ የፊት ማደሻ ሞዴሎች የትኛው እንደሚሻል ይጠይቁኛል። መልሴ ኮድፎርመር ነው፤ ምክንያቱም ሞዴሉ በራሱ ግምት ምን ያህል እንዲሄድ የመወሰኑ ሥልጣን በተጠቃሚው እጅ ነው።

በቅድሚያ ስለ ዋጋ ልናገር። ሁለቱም ሞዴሎች ያለ ክፍያ ይወርዳሉ፤ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይም ቀስ እያሉ ይሠራሉ። በፎቶ ልክ የሚያስከፍሉ ብዙ ድረ ገጾች እነዚህኑ ሞዴሎች ወይም መሰሎቻቸውን ከጀርባ አድርገው ነው የሚሸጡት፤ ከዚህም የከፋው ማስተካከያውን ከተጠቃሚው መደበቃቸው ነው። አንድ ዘመዴ ከፍሎ ያሳደሰው ፎቶ ላይ ከኋላ ረድፍ የቆመችው አክስታችን ቆዳዋ የጠራ፣ ጥርሷ የተስተካከለ፣ ነገር ግን ማንም የማያውቃት ወጣት ሆና መጥታለች፤ ውጤቱን የሚያለዝብበት ምንም አማራጭ ስላልነበረው ገንዘቡ ባክኗል። በሌላ በኩል የኮድፎርመር የፈቃድ ውል ለንግድ መጠቀምን ስለሚከለክል፣ ፎቶ እያደሰ ከደንበኛ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የንግድ ሥራን የሚፈቅደውን ጂኤፍፒጋንን መምረጥ አለበት።

ሁለቱም ፊቱን ቆርጠው ወደ 512 በ512 ፒክስል ካሳደጉ በኋላ ነው የሚያድሱት። ችግሩም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ስፋቱ 1600 ፒክስል የሆነና ሰዎች በሦስት ረድፍ የቆሙበትን ፎቶ እንውሰድ፤ የፊተኛው ረድፍ ፊቶች 90 ፒክስል ያህል ስፋት ቢኖራቸው፣ የኋለኞቹ 25 ብቻ ሊኖራቸው ይችላል። 25 ወደ 512 ሲያድግ እያንዳንዱ የመጀመሪያ ፒክስል ወደ 400 የሚጠጉ አዳዲስ ፒክስሎችን ይሸፍናል፤ ያን ሁሉ ክፍተት ሞዴሉ የሚሞላው ሲሠለጥን ካያቸው የሌሎች ሰዎች ፊቶች በተማረው ነው።

ጂኤፍፒጋን በዚህ ጊዜ ለዓይን የሚማርክ ፊት ያወጣል። ኮድፎርመር ግን w የሚባል ከ0 እስከ 1 የሚሄድ መጠን አለው፤ ወደ 0 ሲጠጋ ጥራቱ ያምራል፣ ወደ 1 ሲጠጋ ደግሞ ለመጀመሪያው ፎቶ ታማኝ ይሆናል። ካልነኩት 0.5 ላይ ነው የሚሠራው፤ እኔ ለቤተሰብ ፎቶ ከ0.7 አልወርድም፦

```
python inference_codeformer.py -w 0.7 --input_path photos
```

ከዚያም ለማነጻጸር ብቻ ያንኑ ፎቶ በ0.3 እና በ1 ደግሜ አሠራዋለሁ። በምሳሌያችን የፊተኛው ረድፍ ሰዎች በሦስቱም ውጤቶች ያው ሰዎች ሆነው ይቀራሉ፤ የሚለያዩት በቆዳና በፀጉር ጥራት ብቻ ነው። ከኋላ ያለችው ሴት ግን በ0.3 ወጣት፣ በ0.7 ሌላ አገጭ ያላት፣ በ1 ደግሞ አሁንም የደበዘዘች ከሆነች፣ ፎቶው ውስጥ ማንነቷን የሚወስን መረጃ የለም ማለት ነው፤ የተሻለ ሞዴል መፈለግም አይጠቅምም።

ብዙዎች የታደሰውን ፊት መልሰው በማሳነስ ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩና ከገጠመ ይረካሉ። ይህ ፈተና ስሕተትን ሊያጋልጥ ይችላል፣ ማንነትን ግን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፐልስ የተባለው ዘዴ፣ ውጤቱ ሲያንስ ከመነሻው ጋር እንዲገጥም ተደርጎ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ የባራክ ኦባማን የደበዘዘ ፎቶ ወደ ነጭ ሰው ፊት ቀይሮታል።

የተሻለው መንገድ የዚያኑ ሰው በተቀራራቢ ዕድሜ የተነሣ ጥርት ያለ ሌላ ፎቶ ፈልጎ፣ እንደ አርክፌስ ባለ የፊት መለያ ሞዴል ተመሳሳይነታቸውን መለካት ነው። ቁጥሩ ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ የታደሰውን ፊት ከእኅቶቿ ጥርት ያሉ ፎቶዎች ጋርም እለካዋለሁ። ከራሷ ፎቶ ይልቅ ለእኅቷ ከቀረበ ያንን ፊት እጥለዋለሁ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ጂኤፍፒጋን ሲሠለጥን ማንነት እንዲጠብቅ የተመዘነው በዚሁ በአርክፌስ ስለሆነ፣ በአርክፌስ ሲለካ የሚያገኘው ቁጥር ከሚገባው በላይ ሊያምር ይችላል፤ ለእርሱ ሌላ መለያ ሞዴል መጠቀም ይገባል። ጠባሳን፣ የጥርስ ክፍተትንና የመነጽር ፍሬምን ደግሞ ሰውየውን በሚያውቅ ሰው ዓይን ማስመርመር ይሻላል፤ ሞዴሎቹ እነዚህን እንደ ጉድለት ቆጥረው የማጥፋት ልማድ አላቸውና።

ኮድፎርመር የተቆረጡትን ፊቶች cropped_faces፣ የታደሱትን ደግሞ restored_faces በሚባል ማኅደር ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ ማስተያየቱ ቀላል ነው። ያለፉትን ፊቶች ብቻ በምስል ማረሚያ ወደ ፎቶው እመልሳለሁ፤ የወደቁት በመጀመሪያው ድብዛዜያቸው ይቆያሉ።