የገጣሚው ሮያሊቲ፦ በሬዲዮ ወይስ በስትሪሚንግ?

ድሬዳዋ ከዚራ የሚኖር ገጣሚ ግጥሙን ለድምፃዊ ሰጥቶ ዘፈኑ በሬዲዮም በስትሪሚንግም ቢሰማ፣ ሮያሊቲው፣ ማለትም ለሥራው አጠቃቀም የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚጓዝበት መስመር ይለያያል። አዋጅ ቁጥር 872/2007 በዘረጋው የጋራ አስተዳደር ሥርዓት የሬዲዮ ጣቢያ ክፍያ በማኅበር በኩል ይሰበሰባል፤ ማኅበሩም የተላለፉትን ዘፈኖች ዝርዝር አይቶ ለገጣሚው፣ ለዜማ ደራሲውና ለድምፃዊው ያከፋፍላል። ይሁንና ዘፈኑ በፍላሽ «ትራክ 3» ተብሎ ብቻ ከገባ፣ ዝርዝሩ ላይ የገጣሚው ስም ስለማይኖር ድርሻው ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል።

የስትሪሚንግ ቆጠራ እጅግ የጠራ ነው፤ ነገር ግን ዘፈኑን የጫነው አከፋፋይ በተለምዶ የሚከፍለው ለድምፅ ቅጂው ባለቤት ነው። የግጥምና የዜማው ድርሻ በሌላ መስመር ስለሚሄድ፣ ድምፃዊው በስልኩ በሚያየው ሂሳብ ውስጥ የገጣሚው ገንዘብ የለም፤ ሥራው በአሳታሚ ወይም በማኅበር በኩል ካልተመዘገበም ለገጣሚው አይደርስም። (ብዙ ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።) በእኔ ግምት ለገጣሚ የሬዲዮው መንገድ አጭር ነው፤ የስትሪሚንጉ ክፍያ ግን ባመዛኙ የድምፃዊው ብቻ ሆኖ ይቀራል።