የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለሚያስጨንቃችሁ፦ ምስጋናም ጥቆማም

በእንግሊዝኛ ሪፖርትና ደብዳቤ መጻፍ ለሚከብዳችሁ ሁሉ አንዲት መምህርት ልጠቁማችሁ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኞች የጽሑፍ ትምህርት ይሰጣሉ። እትዬ ነው የምንላቸው። በጣም ነው የማመሰግናቸው።

ልዩ የሚያደርጋቸው አከራካሪ ሕግ ሲመጣ የሚያደርጉት ነው። በእንግሊዝኛ በ«ቱ» እና በግሡ መሃል ምንም ቃል አይገባም የሚለውን ታውቁታላችሁ። ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች በዚህ ተሟገቱ። አንዱ ሕግ ነው አለ፤ ሌላዋ ፈረንጆቹ ራሳቸው መሃሉ ላይ ቃል ያስገባሉ አለች።

እትዬ ለማንም አልፈረዱም። ሰው እንዴት እንደሚጽፍ መመዝገብ አንድ ሥራ ነው፣ እንዲህ ጻፉ ብሎ መደንገግ ሌላ ሥራ ነው አሉን። እንግሊዞች በ«ቱ» እና በግሡ መሃል ቃል ማስገባት የጀመሩት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ክልከላው የበረታው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 ሄንሪ አልፎርድ የተባለ ቄስ አጻጻፉን ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ የታወቀ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መመሪያ ያዘጋጀው ፋውለር ትርጉም ከሚደበዝዝ ወይም አረፍተ ነገሩ ከሚንሻፈፍ መሃሉ ቢከፈል ይሻላል አለ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ «ሂ ፌይልድ ቱ ኮምፕሊትሊ አንደርስታንድ»። ሰውዬው ተረድቷል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። «ኮምፕሊትሊ»ን ከ«ቱ» በፊት አመጡት፦ «ሂ ፌይልድ ኮምፕሊትሊ ቱ አንደርስታንድ»። አሁን ጭራሽ አልገባውም ወደ ማለት ሄደ። ሕጉን አከብራለሁ ብሎ ቃሉን ወደ ፊት የሚገፋ ሰው ሳያውቀው ሌላ ነገር ይናገራል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቃሉን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ የመጀመሪያው ትርጉም ይመለሳል፣ ሕጉም አይጣስም። «ዊ ኤክስፔክት ቱ ሞር ዛን ደብል ሴልስ» ላይ ግን ይህ አይሠራም። «ሞር ዛን» የሚሄድበት ቦታ የለም። እንዳለ ተዉት፣ አለዚያ አረፍተ ነገሩን በሌላ መልክ ጻፉት አሉን።

እርማታቸውም እንደዚሁ ነው። «ቱ ዌንት» ብሎ የጻፈ ሰው በቀይ ይሰረዝበታል፤ እንደዚያ የሚጽፍ የቋንቋው ባለቤት ስለሌለ ክርክር የለውም። አከራካሪው ግን በእርሳስ ብቻ ይሰመርና ከጎኑ «አንባቢህ ማነው?» ተብሎ ይጻፍበታል። አለቃችሁ ወይም ፈታኙ ሕጉን የሚያምንበት ከሆነ፣ ትርጉሙ እስካልተጎዳ ድረስ ራቁት ይላሉ። ማርክ ግን አይቀንሱበትም። ይሄ ነው እኔን የገዛኝ! ስህተት ምን እንደሆነና ምርጫ ምን እንደሆነ ለይቶ የነገረኝ አስተማሪ ከዚያ በፊት አልነበረኝም።

ፈጣን የንግግር ኮርስ ለሚፈልግ አይሆኑም፣ ቀስ ነው የሚሉት። የቤት ሥራም አለ። ክፍሉ አዲስ አበባ ነው። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ራሳችሁ የጻፋችሁትን አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ትምህርቱን የሚጀምሩት ከእሱ ነው።