የኢንቮይስ ቴምፕሌት፦ ይገዛ፣ በወር ይከፈልበት ወይስ በነፃ ይሠራ?

አነስተኛ ንግድ የጀመሩ ወዳጆቼ ለደንበኛ የሚላከውን ኢንቮይስ በምን ቢያዘጋጁት እንደሚሻል ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ መልሴን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጥ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በተግባር ያሉት አማራጮች አራት ናቸው፤ በዎርድ የሚዘጋጅ፣ በኤክሴል የሚዘጋጅ፣ ከኢንተርኔት ተገዝቶ የሚወርድ እና በየወሩ እየተከፈለበት በድረ ገጽ የሚሠራ። እኔ የማደላው ለኤክሴል፣ ኤክሴል ለሌለው ደግሞ በነፃ ለሚገኘው ሊብሬኦፊስ ካልክ ነው።

ከዋጋ እንጀምር። የወር ክፍያ ያለው አገልግሎት ውድ መሆኑ የሚታወቀው ክፍያው በወር ውስጥ ለሚላኩት ኢንቮይሶች ሲካፈል ነው። በወር አራት ኢንቮይስ የሚልክ ሰው በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የወሩን ክፍያ ሩብ ይጭንበታል፤ ሥራ በቀዘቀዘበትና አንድ ብቻ በላከበት ወር ደግሞ ያ አንዱ ሙሉውን ክፍያ ይሸከማል። ክፍያው ሲቋረጥ የቆዩት ኢንቮይሶች በምን መልክ እንደሚወጡ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ፒዲኤፉ ብቻ የሚወርድ ከሆነ የደንበኞችን ዝርዝርና የሂሳቡን ታሪክ እንደገና በእጅ መጻፍ ይከተላል፤ እሱም ወጪ ነው።

አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚወርደው ቴምፕሌት ርካሽ ይመስላል፤ እኔ ግን አብዛኛውን የጥገና ጊዜዬን የወሰደብኝ ይኸው ነው። አንድ ወዳጄ የገዛው ቴምፕሌት በማስታወቂያው ላይ እጅግ ያማረ ነበር፤ ከፍቼ ስመለከተው ግን ጠቅላላ ድምሩ የተቀመጠው በሴል ውስጥ ሳይሆን በገጹ ላይ በተለጠፈ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ነበር። ስለዚህ የዕቃው ብዛት ሲቀየር ድምሩ አይቀየርም። ሌሎቹ ደግሞ ሴሎቹ በይለፍ ቃል ተቆልፈው ይመጣሉ፤ ሻጩም መልስ አይሰጥም። ከመክፈል በፊት ናሙና ከተሰጠ ድምሩ ያለበትን ቦታ ተጭኖ ከላይ ባለው የቀመር መስመር ላይ `=` ብሎ የሚጀምር ነገር መኖሩን ማየት ይበቃል። ናሙና የማይሰጥ ከሆነ የሚገዛው ሥዕል ነው።

ዎርድ ለደብዳቤ ጥሩ ነው፤ ለሂሳብ ግን አይደለም። በሠንጠረዡ ውስጥ `=SUM(ABOVE)` ማስገባት ቢቻልም ቁጥር ሲቀየር ድምሩ በራሱ አይታደስም፤ ድምሩን መርጦ `F9` መጫን ያስፈልጋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በዓምዱ መካከል ባዶ ሴል ካለ ከባዶው በላይ ያለው ሳይደመር መቅረቱ ነው። በወር አንድ ኢንቮይስ፣ በአንድ መስመር ዋጋ ብቻ ለሚልክ ሰው ግን ዎርድ አይከፋም።

ኤክሴልም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም። ደንበኛ በካልኩሌተር ደምሮ «ሂሳቡ አልገጠመም» የሚልበት ዋነኛ ምክንያት ማጠጋጋት ነው። ለምሳሌ 2.5 ሰዓት በ33.33፣ 1.5 ሰዓት በ47.75 እና 3.5 ሰዓት በ19.35 የተሠራ ሥራ አለ እንበል። እውነተኛዎቹ ውጤቶች 83.325፣ 71.625 እና 67.725 ሲሆኑ፣ በወረቀቱ ላይ በሁለት አሃዝ የሚታዩት 83.33፣ 71.63 እና 67.73 ናቸው። ደንበኛው የሚያየውን ሲደምር 222.69 ያገኛል፤ ኤክሴል ግን የሚደምረው ከጀርባ ያለውን ስለሆነ 222.68 ይጽፋል። ልዩነቱ አንድ ሳንቲም ነው፤ ሆኖም የደንበኛው ሂሳብ ሠራተኛ ወረቀቱን ለመመለስ ይህ ይበቃዋል። መድኃኒቱ እያንዳንዱን መስመር ሳይደመር በፊት ማጠጋጋት ነው። ሰዓቱ በ`B`፣ ዋጋው በ`C`፣ ውጤቱ በ`D` ዓምድ፣ ድምሩ ደግሞ በ`D16` ቢቀመጥ የመስመሩ፣ የድምሩና የታክሱ ቀመሮች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦

```
=ROUND(B12*C12,2)
=SUM(D12:D15)
=ROUND(D16*0.15,2)
```

በዚህ መንገድ ድምሩ 222.69፣ ታክሱ በ15 በመቶ ቢታሰብ 33.40፣ ተከፋዩ 256.09 ይሆናል፤ ማንም በእጁ ቢደምረው ያው ነው። በሁለተኛው ቀመር ላይ ሥራዎቹ ያሉት ከ12 እስከ 14 ባሉት ረድፎች ሆነው ሳለ ድምሩ እስከ 15 የሚደርሰው ሆን ተብሎ ነው። 15ኛው ረድፍ ባዶና ቀጭን ሆኖ ይቀመጣል፤ አዲስ ሥራ ሲጨመር ረድፉ ከእሱ በላይ ስለሚገባ ድምሩ አብሮ ይሰፋል። ይህ ባዶ ረድፍ ከሌለ ከድምሩ በላይ የተጨመረው የመጨረሻ ሥራ ሳይደመር ሊቀር ይችላል፤ ደንበኛ ደግሞ እንዲህ ያለውን ስሕተት ፈጥኖ አይናገርም።

የገንዘቡ ዓምድ አሰላለፉ ሳይነካ፣ ቁጥሮቹ በራሳቸው ወደ ቀኝ እንደተጠጉ ይቆይ፤ ቅርጹም `#,##0.00` ይሁን፤ ያኔ ነጥቦቹ አንዱ ከሌላው ሥር በትክክል ይሰለፋሉ። የሚሸጡት ቴምፕሌቶች ሁሉን ነገር መሐል ላይ ማስቀመጥ ይወዳሉ። ይህ አሰላለፉን ከማበላሸቱም በላይ አንድ ጠቃሚ ምልክት ይሸፍናል፤ አሰላለፉ ካልተነካ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ የያዘው ቁጥር ወደ ግራ ይጠጋል፣ `SUM` ደግሞ እንዲህ ያለውን ቁጥር ይዘለዋል። የዓምዱን ስፋት ለመፈተን ሰባት አሃዝ ያለው ዋጋ አስገብቶ ማየት ነው፤ `#####` ከታየ ጠባብ ነው። መስመርን በተመለከተ ከድምሩ በላይ አንድ ቀጭን መስመር፣ ደምቆ የሚጻፈውም ተከፋዩ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ወረቀቱ ከየትኛውም ባለ ቀለም ቴምፕሌት ይልቅ የተከበረ ይመስላል።

የባንክ ሂሳብ ቁጥር የሚጻፍበት ሴል ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ቅርጹ `Text` መደረግ አለበት። አለዚያ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ፣ 12 አሃዝና ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር `1E+12` በመሰለ መልክ ሊታይ ይችላል፣ ከ15 አሃዝ ያለፈው ደግሞ ትርፉ ወደ ዜሮ ይለወጣል። የመጨረሻው በተለይ ክፉ ነው፤ ቁጥሩ ሙሉ ስለሚመስል ክፍያው እስኪመለስ ድረስ ማንም አያስተውለውም። ከሂሳብ ቁጥሩ ጋር ባንኩ የሚያውቀው የሂሳቡ ባለቤት ስም፣ በክፍያ ምክንያትነት የሚጻፈው የኢንቮይስ ቁጥር እና የመጨረሻው መክፈያ ዕለት ይስፈሩ። ዕለቱ «በ30 ቀን ውስጥ» ተብሎ ሳይሆን በቀንና በወር ይጻፍ፤ ሠላሳው ቀን ከየት እንደሚጀምር ከደንበኛ ጋር መከራከር አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ከተከፋዩ ገንዘብ ቀጥሎ ይቀመጥ እንጂ በገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል አይደበቅ።

ሲላክ በፒዲኤፍ እንጂ በኤክሴል ፋይሉ አይላክ፤ ደንበኛው ቁጥሩን ሊቀይረው ይችላል፣ ስልክ ላይ ሲከፈትም ቅርጹ ይዛባል።

የወር ክፍያውን የምመክርበት ሁኔታ አለ። ኢንቮይስ የሚቆርጡት ሰዎች ከአንድ በላይ ከሆኑ በተለያዩ ፋይሎች ላይ አንድ ዓይነት የኢንቮይስ ቁጥር ሁለት ጊዜ መስጠት አይቀሬ ነው፤ አገልግሎቱ ግን ተከታታዩን ቁጥር ራሱ ይሰጣል፣ ያልከፈለውንም ደንበኛ ያስታውሳል። እዚያ ደረጃ ላይ ያልደረሰ ሰው የኢንቮይሶቹን ቁጥር፣ ዕለት፣ ደንበኛ፣ መጠንና የተከፈለበትን ቀን በዚያው ፋይል ሁለተኛ ገጽ ላይ በአንድ አንድ ረድፍ ቢመዘግብ፣ አዲስ ኢንቮይስ ሲያወጣ የሚቀጥለውን ቁጥር የሚያገኘው ከዚያ ነው።