የተንጋደደ የሰነድ ፎቶ፦ ማዞር ወይስ አራቱን ጥግ መያዝ?

ጅማ ላይ በስልክ የተነሳ የቡና መረከቢያ ደረሰኝ ወደ ጽሑፍ ከመቀየሩ በፊት መቃናት አለበት። በምን?

ማዞር፦ ፈጣን ነው፤ የዝንባሌውን ዲግሪ ማወቅ ብቻ ይበቃል። ስልኩ ግን ከወረቀቱ ትይዩ ሆኖ ያነሳው መሆን አለበት።

አራቱን ጥግ መያዝ፦ የወረቀቱን አራት ጥጎች ለይቶ ምስሉን ወደ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን መሳብ ነው፤ በሰያፍ ተነስቶ ላዩ የጠበበውን፣ ታቹ የሰፋውንም ያቃናል። ጥጉን ጣት ከሸፈነው፣ ወይም ነጭ ወረቀት ነጭ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ፕሮግራሙ ይስታል፤ ያኔ ጥጎቹን በእጅ ማመልከት ነው።

መለያው ቀላል ነው። የላይኛውን መስመር አግድም እስኪሆን አዙሩት። የታችኛውም አብሮ ከቀና፣ የግራና የቀኝ ጠርዞቹም ቀጥ ብለው ከቆሙ ማዞሩ በቂ ነው። የታችኛው ለምሳሌ 4 ዲግሪ ያህል ተንጋዶ ከቀረ፣ ወይም የግራና የቀኝ ጠርዞቹ ወደ አንድ ጫፍ ከተጠጋጉ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ብታዞሩት አንዱ ሲቀና ሌላው ይጣመማል፤ ጥጎቹን ያዙ።

ስካነር ላይ ለገባ ወረቀት ማዞር፣ ቆሞ ከጠረጴዛ ላይ ለተነሳ ጥግ መያዝ ይሻላል። ለተጨማደደ ደረሰኝ ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ ዘርግቶ እንደገና ማንሳት ነው።