የካምፓኒ፣ የዲለር እና ኤክስቴንድድ ዋራንቲ፦ ኡበር የሚሠራ ሰው የቱን ይያዝ?

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ዋጋው ላይ ተስማምታችሁ ካበቃችሁ በኋላ ፋይናንስ ክፍል ትገባላችሁ፣ እዛ የተቀመጠው ሰውዬ ስክሪኑን ወደናንተ ያዞርና "በወር 58 ዶላር ብቻ ነው የሚጨመረው፣ መኪናው ምን ቢሆን አታስብም" ይላል። በዛ ሰዓት ግማሽ ቀን ዲለር ቤት ውላችሁ ደክሟችኋል፣ ቁልፉን ይዛችሁ መውጣት ብቻ ነው የምትፈልጉት፣ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ይፈርማል። እዚህ ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው ነው፣ አምራቹ የሚሰጠውን፣ ዲለሩ ራሱ የሚሰጠውን፣ እና ያ ሰውዬ የሚሸጠውን ኤክስቴንድድ የሚባለውን። በተለይ ኡበር፣ ሊፍት ወይ ዶርዳሽ ለምትሠሩ፣ የናንተ ስሌት ከቢሮ ሠራተኛ ስሌት ጋር ጭራሽ አይገናኝምና።

አንድ መኪና ይዘን እንሂድ። 2021 ካምሪ ሃይብሪድ፣ መጀመሪያ ማርች 2021 የተሸጠች፣ እናንተ ጁን 2024 በ52,000 ማይል የምትገዟት እንበል። ሙሉ ቀን ኡበር የሚሠራ ሰው በዓመት 40,000 ማይል ይነዳል ብለን እንያዝ፣ በወር 3,300 አካባቢ ማለት ነው።

| | የአምራቹ | የዲለሩ | ኤክስቴንድድ |
|---|---|---|---|
| ከፋዩ ማነው | ካምፓኒው | ዲለሩ ከኪሱ | አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ካምፓኒ |
| ለብቻው ትከፍላላችሁ? | አይ | አብዛኛውን ጊዜ አይ | አዎ፣ በሺዎች |
| ቆጠራው ከመቼ | መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን | ከገዛችሁበት ቀን | ውሉ እንዳለው |
| ኡበር ብትሠሩበት | ቡክሌቱን እዩ | ወረቀቱን እዩ | ብዙዎቹ አይከፍሉም |

የአምራቹን መጀመሪያ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቀድሞ ያለውን ነገር ነው በገንዘቡ እንደገና የሚገዛው። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው አጠቃላይ ዋራንቲ 3 ዓመት ወይ 36,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የደረሰው፣ ስለዚህ ለኛ ካምሪ ይሄ አልቋል። ኢንጅንና ትራንስሚሽን የሚይዘው ፓወርትሬን ደግሞ 5 ዓመት ወይ 60,000 ማይል ነው፣ በዓመት ብትቆጥሩት እስከ ማርች 2026 አለ፣ በማይል ግን 8,000 ብቻ ነው የቀረው፣ ያ ለኡበር ሹፌር ሁለት ወር ተኩል ነው። የሃይብሪድ ክፍሎቹ 8 ዓመት ወይ 100,000 ማይል ይሸፈናሉ፣ ባትሪው (ትልቁ የሃይብሪድ ባትሪ ማለቴ ነው) ከ2020 ሞዴል ጀምሮ 10 ዓመት ወይ 150,000 ማይል ነው፣ ባለቤት ቢቀየርም አብሮ ይሄዳል። እና ያ ፋይናንስ ክፍል ያለው ሰውዬ "ባትሪው ቢሞትብህ ስንት ሺ እንደሆነ ታውቃለህ?" ብሎ ሲያስፈራራችሁ፣ ባትሪው ገና 98,000 ማይል ይቀረዋል፣ ለናንተ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው፣ ካምፓኒው ነው የሚሸፍነው።

ማንም የማይነግራችሁ ሌላም አለ፣ በፌዴራል ሕግ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩና ዋናው ኮምፒውተር በየትኛውም መኪና ላይ 8 ዓመት ወይ 80,000 ማይል ዋራንቲ አላቸው። ቼክ ኢንጅን በርቶ ኮዱ ወደ ካታሊቲኩ ከጠቆመና ማይላችሁ ከ80,000 በታች ከሆነ፣ ሰፈር ያለው ጋራዥ ከመክፈላችሁ በፊት ዲለር ጋ ውሰዱት። ዘይት ውጪ ማስቀየር ደግሞ ዋራንቲ ያፈርሳል የሚባለው ወሬ ውሸት ነው፣ የ1975ቱ የማግኑሰን ሞስ ሕግ ካምፓኒው "እኔ ጋ ካልሰራህ" እንዳይል ይከለክለዋል። ደረሰኙን ግን አስቀምጡ፣ ማይሉና ቀኑ የተጻፈበትን።

የሂዩንዳይና የኪያ 10 ዓመት 100,000 ማይል ስትሰሙ ደግሞ ቶሎ አትደሰቱ፣ እሱ ለመጀመሪያው ባለቤት ነው፣ ያገለገለውን ከመንገድ ስትገዙ ፓወርትሬኑ ወደ 5 ዓመት 60,000 ይወርዳል (ካምፓኒው ራሱ ሰርቲፋይ ያደረገው መኪና ለብቻው የሚታይ ነው)። አዲስ የገዛችሁት ቢሆንም ሂዩንዳይ ለታክሲና ለዕቃ ማመላለሻ ሥራ የዋለ መኪናን ከዛ ረጅሙ ዋራንቲ ያስወጣዋል።

ቀሪውን ለማወቅ 17ቱን የቪን ቁጥርና ፊደል ይዛችሁ የዛው ብራንድ ዲለር ሰርቪስ ዴስክ መደወል ነው፣ መጀመሪያ የተሸጠበትን ቀን ጠይቁ፣ የሚቆጠረው ከዛ ቀን እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት አይደለም።

ስለ ዲለሩ ዋራንቲ ብዙ የሚባል የለም። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር መስታወቱ ላይ ባየርስ ጋይድ የሚባለውን ወረቀት መለጠፍ ግዴታው ነው፣ እዛ ላይ ወይ አዝ ኢዝ የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል (እንዳለ ውሰድ፣ ቢበላሽ የራስህ ነው ማለት ነው፣ አንዳንድ ስቴቶች ይሄን አይፈቅዱም) ወይ ዋራንቲ የሚለው። ዋራንቲ ከሆነ ከሥሩ ስንት ፐርሰንት እንደሚከፍል፣ የትኛውን ክፍል፣ እስከ መቼ የሚል አለ፣ የተለመደው 30 ቀን ወይ 1,000 ማይል፣ ኢንጅንና ትራንስሚሽን ብቻ፣ ወጪውን ግማሽ ግማሽ የሚል ዓይነት ነው። ግማሽ ግማሽ ሲሉ ደግሞ ሂሳቡን የሚያወጣው የራሳቸው ጋራዥ መሆኑን አትርሱ። ሻጩ በአፉ "ችግር ካለ አምጣው እንሰራልሃለን" ካለ እዛው ወረቀት ላይ ይጻፈው፣ ያልተጻፈ ቃል በሦስተኛው ሳምንት ሻጩ ሥራ ቀይሮ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ለኔ የዚህ ዋራንቲ ጥቅሙ አንድ ነው፣ የመጀመሪያውን ወር መኪናውን በደንብ ነድታችሁ፣ ኮረብታ አውጥታችሁ፣ ሃይዌይ ላይ ሞክራችሁ የተደበቀ ነገር ካለ ማውጣት።

አሁን ወደ ዋናው። ኤክስቴንድድ ዋራንቲ የሚሉት በሕግ ዋራንቲ አይደለም፣ ሰርቪስ ኮንትራክት ነው፣ ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ሲበላሽ ክሌም ትከፍታላችሁ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይከፈል ወይስ አይከፈል ብሎ ይወስናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ይሸፍናል" ሳይሆን "ክሌሙን የሚወስነው ማነው" ነው። አንዳንዱ የአምራቹ የራሱ ነው፣ ቶዮታም የራሱን ይሸጣል፣ ያ የብራንዱ ዲለር ጋ ብዙ ጭቅጭቅ የለውም። ሌላው ዲለሩ የሚሸጠው ግን የማያውቃችሁ ካምፓኒ የሚያስተዳድረው ነው። ሦስተኛው በስልክና በቴሌቪዥን የሚሸጠው፣ ካርሺልድን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ በ2024 ማስታወቂያው ያሳስታል ተብሎ ሸማቾችን ከሚጠብቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከኤፍ ቲ ሲ ጋር በ10 ሚሊዮን ዶላር ነው የተስማማው።

የማይሸፍነው ነገር ሁልጊዜ ውሉ ውስጥ ኤክስክሉዥንስ የሚለው ክፍል ላይ ነው፣ ብሮሹሩ ላይ አይደለም። ብሬክ ፓድ፣ ጎማ፣ ዋይፐር፣ ትንሹ ባትሪ፣ ዘይትና ፍሉይድ የሉም፣ ይሄን ሁሉም ሰው ይጠብቀዋል። ሰው የሚወድቀው ከዛ በታች ባሉት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የነበረ ብልሽት አይከፈልም፣ ለዚህም ነው ብዙዎቹ 30 ቀንና 1,000 ማይል የመጠበቂያ ጊዜ የሚያደርጉት። ያልተሸፈነ ዕቃ የተሸፈነውን ካበላሸ አይከፈልም፣ ለምሳሌ የውሃ ሆዝ ፈንድቶ ኢንጅኑ ቢቃጠል ሆዙ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኢንጅኑም ይቀራል፣ በተለይ ሙቀቱ ቀይ በርቶ "እስከ ቤት ልድረስ" ብላችሁ ከነዳችሁት አለቀ። ዘይት መብላት ብዙ ጊዜ እንደ ብልሽት አይቆጠርም፣ ኢንጅኑ እየሠራ ነዋ። የዘይት ለውጥ ደረሰኝ አሳዩ ይላሉ፣ አንድ ለውጥ ከጎደለ ኢንጅን ክሌም ላይ ሰበብ ይሆናል። ሳያስፈቅዱ የተሠራ ሥራም አይከፈልም፣ ጋራዡ መጀመሪያ መደወልና የፈቃድ ቁጥር መቀበል አለበት።

ለኛ ሰው ትልቁ ግን ኮሜርሺያል ዩዝ የምትለዋ መስመር ናት። ብዙ ውሎች ታክሲ፣ ራይድሼር፣ ዴሊቨሪ የሚሠራበትን መኪና ጭራሽ አይሸፍኑም፣ ካልጨመራችሁበት በስተቀር፣ ጭማሪውም ለብቻው ይከፈላል። ሻጩ "ኡበር ነው የምትሠራው?" ብሎ አይጠይቃችሁም፣ የሚጠይቀው ክሌም የሚያየው ሰው ነው፣ በዓመት 40,000 ማይል ሲያይ፣ መስታወቱ ላይ የኡበር ስቲከር ሲያይ። ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ውሉ ላይ በጽሑፍ አሳዩኝ በሉ።

ክሌሙ ቢፀድቅ እንኳ ሂሳቡ ሙሉ አይከፈልም። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፦ የ8 ሰዓት ሥራ፣ ጋራዡ በሰዓት 190 ዶላር፣ ዕቃው 900፣ ምርመራው 190፣ ፍሉይድ 60፣ ጠቅላላ 2,670። ውሉ ግን በሰዓት ከ140 በላይ አልከፍልም ይላል፣ ስለዚህ 400 እናንተ ላይ ቀረ፣ ምርመራውንና ፍሉይዱን አልከፍልም ይላል፣ ዲዳክቲብሉ 100 ነው። ተደምሮ ከኪሳችሁ 750 ወጣ።

አሁን ካምሪዋን እንጨርሳት። ሰውዬው "5 ዓመት 75,000 ማይል" ብሎ በ3,200 ሸጠላችሁ፣ ብድሩ ውስጥ ገባ፣ በ9 ፐርሰንት ለ72 ወር፣ በወር 58 ሲመጣ ጠቅላላ 4,150 ገደማ ይሆናል። 75,000ው ከገዛችሁበት ማይል ቢቆጠር (አንዳንዱ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፣ ያኔ 23,000 ብቻ ነው የገዛችሁት) በእናንተ አነዳድ ከሁለት ዓመት በፊት ያልቃል፣ ከዛ በኋላ አራት ዓመት የሞተ ውል ትከፍላላችሁ። እኔ በዚህ አነዳድ አልገዛውም፣ በወር 58ቱን ለብቻው አስቀምጠው ነበር። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ፣ ከ36,000 በታች ያለ መኪና ለያዘ፣ ስክሪንና ኤሌክትሮኒክስ ለሚያስፈራው ሰው የአምራቹ የራሱ ፕላን ሊያዋጣ ይችላል፣ ዋጋውም ይደራደራል፣ የተጻፈው የመጨረሻ ዋጋ አይደለም።

ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ ካንስሌሽን የሚለውን ፈልጉ። ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ 30 ወይ 60 ቀናት ክሌም ካልከፈታችሁ ሙሉውን ይመልሳሉ፣ ከዛ በኋላ ባልተጠቀማችሁበት ጊዜና ማይል ልክ፣ ትንሽ ክፍያ ቀንሰው። በጽሑፍ ጠይቁ፣ ማይሉን ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ፣ የጥያቄያችሁን ኮፒ ለአስተዳዳሪው ካምፓኒም ላኩ፣ ዲለሩ ብቻ ጋ ካስገባችሁት ለወራት ሊተኛ ይችላል። መኪናው በብድር ከሆነ ገንዘቡ ባንኩ ጋ ነው የሚሄደው፣ ወርሃዊ ክፍያችሁ አይቀንስም፣ ዕዳው ግን ያጥራል።