የስልክ ቁጥሮችን ማጥራት፦ መጀመሪያውን አይቶ መቀየር ወይስ መጨረሻዎቹን 9 አሃዞች መውሰድ?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ ለሚገኝ የቁጠባ ማኅበር የአባላትን የስልክ ዝርዝር ሳጠራ ክፍተትን፣ ሰረዝንና ቅንፍን ማስወገድ ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ሁሉንም በ+251 ማስጀመሩ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ መነሻውን ያያል፦ ቁጥሩ በ0 ከጀመረ 0ውን በ+251 ይተካል፣ በ251 ከጀመረ + ብቻ ይጨምራል። ሆኖም ብዙ ሰው «(+251) 0900-000 000» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ሲጠራ 2510900000000 ይሆንና 13 አሃዝ ይዞ ያልፋል፤ መልእክቱም አይደርስም።

ሁለተኛው መንገድ መጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ይወስዳል፦

```python
d = re.sub(r"\D", "", s)
n = "+251" + d[-9:]
```

ይህ ያንን ትርፍ 0 ያስተካክላል፤ የተመን ሉህ 0ውን የበላበትን 900000000ም እንዲሁ። ጉዳቱ ግን የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ስህተትን ትክክል ያስመስላል። አሜሪካ ያለ አባል በ+1 571 የሚጀምር ቁጥር ቢሰጥ፣ 1 እና 5 ተቆርጠው በ71 የሚጀምር ቁጥር ይቀራል፤ ይህም በ07 የሚጀምር የኢትዮጵያ ሞባይል ይመስላል፤ መልእክቱም ለማይመለከተው ሰው ሊደርስ ይችላል። በአንድ ሕዋስ ሁለት ቁጥር ከተጻፈም የመጀመሪያው ሳይታወቅ ይጠፋል።

ስለዚህ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ 2510ን ወደ 251 የሚቀይር፣ በ9 ወይም በ7 ለሚጀምር ባለ 9 አሃዝም +251 የሚጨምር ደንብ አክዬበት፣ በመጨረሻ ከ+ በኋላ 12 አሃዝ የሌለውን ወይም ከ251 ቀጥሎ 9 ወይም 7 የሌለውን ሁሉ ለብቻው አወጣለሁ፤ የወጡትንም የመዝገቡ ጸሐፊ ከወረቀቱ ፎርም ጋር ታመሳክራቸዋለች።