ያለ ኮድ የሰራሁት አፕ ከዓመት በኋላ፦ የሚጠይቁኝና የምመልሰው

ኖ-ኮድ በሚባል መሳሪያ የሰራሁትን አፕ ከዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። አፑ የጋራ ዕቃ ማዋሻ ነው፤ መሰላል፣ መሰርሰሪያ፣ ፕሮጀክተር የመሳሰሉትን። ሰው ይከፍተዋል፣ የትኛው ዕቃ እንዳለ ያያል፣ «ተዋስኩ» የሚለውን ይነካል። ከጀርባው ያሉት ሠንጠረዦች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የዕቃዎች፣ ሌላው የውሰቶች። አፑን ያዩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ስላሉ እነሱን ልመልስ።

ኮድ ሳልችል እውነት መስራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ገጹን፣ ፎርሙንና መግቢያውን በመጎተትና በማስቀመጥ ትጨርሳላችሁ። በዚህ በኩል አንድም ቅሬታ የለኝም።

መጀመሪያ ፈጣን የነበረው አፕ በኋላ ለምን ይንቀራፈፋል?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ምክንያቱ ስክሪኑ ላይ አይታይማ። በዝርዝሩ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን «አለ» ወይም «ወጥቷል» የሚል ጽሑፍ አለ። መሳሪያው ይህን ለማወቅ የውሰቶችን ሠንጠረዥ ይፈትሻል፤ በዚህ ዕቃ ስም ያልተመለሰ ውሰት አለ ወይ ብሎ። ፍተሻው የሚካሄደው ለገጹ አንዴ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻው ነው። 40 ዕቃ ካለ ዝርዝሩን ለማምጣት አንድ፣ ለሁኔታው ደግሞ 40፣ በድምሩ 41 ፍለጋ ማለት ነው። ያን ጊዜ ማንም ልብ አይለውም። ዕቃው 600 ሲደርስ ግን 601 ይሆናል፤ ያውም አንድ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር። የመሳሪያው ክፍያ አፑ በሚሰራው ሥራ ብዛት የሚሰላ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡም አብሮ ይወጣል።

ጥፋቱ ከዚህ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። የአፑን የሙከራ ቅጂ ክፈቱና ያንን ጽሑፍ ብቻ ከዝርዝሩ አውጡት። ገጹ ወዲያው ከፈጠነ ተገኘ ማለት ነው።

መፍትሔው ሁኔታውን በየጊዜው ከመፈለግ ይልቅ አንዴ መጻፍ ነው። በዕቃዎች ሠንጠረዥ ላይ «ሁኔታ» የሚል መስክ ጨመርኩ። ሰው ሲዋስ «ወጥቷል»፣ ሲመልስ «አለ» ተብሎ ይሞላል። ዝርዝሩ አሁን በአንድ ፍለጋ ይመጣል፤ ያውም 20 ዕቃ በአንዴ። ለውጡ ገና ገጹን ስትከፍቱ ይታያል።

ግን ዋጋ አለው። ያው እውነት አሁን ሁለት ቦታ ተቀምጧል። አንድ ሰው ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ ውሰቱን በእጁ ቢሰርዘው ዕቃው መደርደሪያ ላይ እያለ «ወጥቷል» እንደተባለ ይቀራል። ስለዚህ በየሌሊቱ የሚሰራ ማጣሪያ አስገብቻለሁ። «ወጥቷል» የተባሉትን ብቻ እያየ ያልተመለሰ ውሰት የሌላቸውን ያስተካክላል።

ሁለት ሰው እኩል ቢነካስ?

ፕሮጀክተሩ አንድ ነው እንበል። ሁለት ሰዎች በየስልካቸው «አለ» የሚለውን ያያሉ፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥም ሁለቱም ይነካሉ። አፑ መጀመሪያ ዕቃው መኖሩን ያረጋግጣል፣ ቀጥሎ ውሰቱን ይመዘግባል፣ ከዚያ ሁኔታውን ይቀይራል። ሁለቱም አንዱ እንኳ ሳይመዘገብ በፊት ካረጋገጡ ሁለቱም ያልፋሉ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ዳታቤዙ ራሱ እንዲከለክል ማድረግ ይችላል፤ እኔ በምጠቀምበት መሳሪያ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም።

ያደረግኩት ከተመዘገበ በኋላ እንደገና ማየት ነው። አፑ የዚያን ዕቃ ክፍት ውሰቶች በተፈጠሩበት ሰዓት ይደረድራል። የእናንተው ቀዳሚ ካልሆነ ይሰረዝና «ሌላ ሰው ቀድሟል» የሚል መልእክት ይመጣል። ይህ ችግሩን በጣም ያጠብበዋል እንጂ ጨርሶ አይዘጋውም። ለመሰላል ይበቃኛል። ገንዘብ ለሚንቀሳቀስበት ነገር ግን በፍጹም አልመክረውም።

አንድ ቀን ልውጣ ብልስ?

መረጃው ይወጣል፣ አሠራሩ አይወጣም። ሠንጠረዦቹን በሲኤስቪ ፋይል ታወርዳላችሁ፤ «ሲነካ ይህን አድርግ» ያላችሁት ሁሉ ግን እዚያው ይቀራል። የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃልም አብሮ ስለማይወጣ ሁሉም አዲስ ማውጣት አለባቸው። በዚህ ረገድ መሳሪያዎቹ ይለያያሉ። ፍላተርፍሎው በሚከፈልበት ፓኬጅ ኮዱን ለማውረድ ያስችላል፣ ባብል ግን አፑን በኮድ መልክ አያወጣም። ሳትጀምሩ በፊት ይህን ጠይቁ።

ሌላም አለ። ከእኔ መሳሪያ በወረደው ፋይል ላይ ውሰቱ ከዕቃው ጋር የተያያዘው በስሙ ነው። «መሰላል» የሚባሉ ሦስት ዕቃዎች ካሉ የትኛው እንደወጣ መለየት አይቻልም። ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ቁጥር ሰጥቼ ቁጥሩ በየውሰቱ ላይም እንዲጻፍ አድርጌያለሁ። መስኩን ለመጨመር ደቂቃ አይፈጅም፤ ውሰቶቹ ከተከማቹ በኋላ ግን የቀድሞዎቹን አንድ በአንድ እያዩ መሙላት ይጠይቃል።